የእንግሊዝኛ ቪዲዮ ስክሪፕት ለአስተናጋጆች፦ የመለማመጃ ፋታው ስንት ሰከንድ ይሁን?

የማታ_መምህር (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ በሐይቁ ዳር ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች የሚሠሩ አስተናጋጆች ናቸው። ፈረቃቸው ስለሚቀያየር ክፍል መምጣት የሚያቅታቸው ብዙ ናቸው። ለእነሱ ብዬ በስልክ የሚታዩ፣ ስድስት ደቂቃ ገደማ የሚፈጁ ቪዲዮዎች እያዘጋጀሁ ነው።

የመጀመሪያው ቪዲዮ ለእንግዳ ውሃ ስለማቅረብ ነው። እኔ ዓረፍተ ነገሩን እላለሁ። ጽሑፉ ወዲያው ስክሪን ላይ ይወጣል፣ ከሥሩ አማርኛው አለ። ከዚያ ዝም እላለሁ፤ ተመልካቹ ጮክ ብሎ ይደግማል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሄድን በኋላ በአማርኛ ብቻ እጠይቃለሁ፣ እሱ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። የስክሪፕቱ አንድ ቁራጭ ይኸው፦

```
ስክሪን፦ Would you like some water?
       ውሃ ይፈልጋሉ?
ድምፅ፦ (ዓረፍተ ነገሩ አንድ ጊዜ)
ፋታ፦ 5 ሰከንድ   [3 ጊዜ ይደገም]
ድምፅ፦ «ውሃ ይፈልጋሉ?» በእንግሊዝኛ
ፋታ፦ 5 ሰከንድ
ድምፅ፦ (መልሱ)
```

ለጥቂት ተማሪዎች ልኬላቸው ነበር። ከፊሎቹ «ዝምታው ረዘመ፣ ቪዲዮው የቆመ መሰለን» አሉ። ሌሎቹ «አፋችንን ሳንከፍት መልሱን ነገርከን» አሉ። የሁሉም ፋታ እኩል 5 ሰከንድ ነው። የቱን ልስማ?

ቆርጦ_ቀጥል (አዳማ)

ወንድሜ፣ እኔ ቪዲዮ ኤዲት የማደርግ ሰው ነኝ፤ የማውቀውን ልንገርህ። 5 ሰከንድ ዝምታ በስልክ ላይ በጣም ብዙ ነው። ሰው ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎት ይወጣል ወይም ስክሪኑን ሁለቴ ነክቶ 10 ሰከንድ ይዘላል። ሲዘል ደግሞ መልሱንም አብሮ ይዘለዋል። 2 ሰከንድ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ በፋታው ጊዜ ስክሪኑ ላይ እየጎደለ የሚሄድ መስመር አድርግ። ተመልካቹ «አሁን የኔ ተራ ነው፣ ይህን ያህል ቀረኝ» ብሎ ያያል። ይህ ከምንም በላይ ይረዳል።

ሦስተኛ፣ ከእንግሊዝኛው ሥር ንባቡን በግዕዝ ፊደል ጻፍለት። «ዉድ ዩ ላይክ ሰም ዎተር» ብለህ ካስቀመጥክ ማንም አይቸገርም።

ትሪ_ተሸካሚ (ሐዋሳ)

መምህር ሰላም ነው? እኔ አስተናጋጅ ነኝ። እርስዎ ጋ አልተማርኩም ግን ነገሩ የኛ ስለሆነ ነው የጻፍኩት።

የኔ ችግር ፋታው አይደለም። ጥያቄውን እኮ አውቀዋለሁ። እንግዳው ሲመልስልኝ ነው የምጠፋው። ውሃ ይፈልጋሉ ብዬ ስጠይቅ አንዱ የታሸገ ነው ወይ ይላል፣ አንዱ ጋዝ ያለው ወይስ የሌለው ብሎ ይጠይቀኛል። አምቦ ነው የሚፈልገው መሰለኝ ብዬ እሄዳለሁ፣ ለካ ተራ ውሃ ነበር። ቪዲዮው ላይ እንግዳውም ይናገር እንጂ።

ደግሞ እኔ ቪዲዮ የማየው ኩሽና አጠገብ በምሳ እረፍቴ ነው፣ ጆሮዬ ላይ ኢርፎን አድርጌ። እዚያ ጮክ ብዬ «ዉድ ዩ» እያልኩ ብደግም ልጆቹ ይስቁብኛል። በልቤ ብል ይቆጠራል?

የድሮ_ሬዲዮ

ረጅም ዘመን የሬዲዮ ትምህርት ስክሪፕት ስጽፍ ኖሬአለሁ። መምህር፣ ሁለቱም ተማሪዎችህ ልክ ናቸው። ምክንያቱም ፋታህ አንድ ዓይነት ይምሰል እንጂ ሥራው ሁለት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው ፋታ የመድገሚያ ነው። ተማሪው አሁን የሰማውን ያስተጋባል። ድምፁ ገና ጆሮው ውስጥ ስላለ ፍለጋ የለውም። የውሃው ጥያቄ በተፈጥሮ ፍጥነት አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅ ነው። ጀማሪ በእጥፍ ጊዜ ይለዋል፣ ማለትም በሦስት ሰከንድ። መነሻ ግማሽ ሰከንድ ጨምርለት። ሦስት ተኩል ይበቃዋል። 5 ስትሰጠው ጨርሶ ይጠብቅሃል። «ረዘመ» ያሉህ እዚህ ቦታ ላይ ነው።

ሁለተኛው ፋታ የማስታወሻ ነው። አማርኛውን ሰምቶ እንግሊዝኛውን ከራሱ ያወጣል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ «ውሃ» ቀድሞ «ይፈልጋሉ» ይከተላል። በእንግሊዝኛው ውሃው መጨረሻ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ተማሪው ዓረፍተ ነገሩን ገልብጦ መገንባት አለበት። ለዚህ 5 ሰከንድ ያንሳል። ስድስት ወይም ሰባት ስጠው። «አልደረስንም» ያሉህ እዚህ ጋ ናቸው።

ሰከንዱን በወረቀት ብቻ አትወስነው። ስትቀዳ አንድ ጀማሪ ተማሪ አጠገብህ አስቀምጥ። እሱ በእውነት ይመልስ፣ አንተ አፉን እያየህ ጠብቅ። ሲጨርስ አንድ ትንፋሽ ወስደህ ቀጥል። የሱን ድምፅ በኋላ ታጠፋዋለህ። በሰዓት ብቻ የተለካ ፋታ ሁሌም አስተማሪው ፍጥነት ላይ ያርፋል፤ መልሱን የሚያውቅ ሰው ዝምታ ይረዝምበታልና። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት የተማራችሁ ፕላዝማውን ታስታውሳላችሁ። ጥያቄ ይጠየቃል፣ ስክሪኑ ላይ ሰዓት ይቆጥራል፣ ክፍሉ ገና ጥያቄውን እየተረዳ ሳለ መልሱ ይመጣል።

ቆርጦ_ቀጥል (አዳማ)

ጋሼ፣ የሬዲዮ አድማጭ እኮ ተቀምጦ ነው የሚያዳምጠው፣ አስተማሪም አጠገቡ አለ። የስልክ ተመልካች ጣቱ ስክሪኑ ላይ ነው። ሰባት ሰከንድ ዝምታ ማንም አይታገሥም። መቆየቱ ካልቀረ ቢያንስ አንድ ነገር ይንቀሳቀስ።

የድሮ_ሬዲዮ

የመስመሩ ሐሳብህ ጥሩ ነው፤ እኛ ሬዲዮ ላይ ያልነበረን ነገር ነው። ለድገማው ፋታ ቀጭን መስመር ይጉደል። ለማስታወሻው ፋታ ግን መስመሩ ባይኖር እመርጣለሁ። የሚጎድል ነገር ሲያይ ልቡ ይቸኩላል፣ ቃሉም ይጠፋበታል። እዚያ ሥዕሉ ይቁም፦ አስተናጋጅ፣ እንግዳ፣ ባዶ ብርጭቆ። ድምፁም ፈጽሞ ባዶ አይሁን። የምግብ ቤት ጫጫታ በስሱ ከሥር ይሂድ፤ ያኔ ማንም ኔትወርክ ተቋረጠ አይልም።

አንተን ግን አንድ ነገር ልለምንህ። ዝምታን ራሱ ፈልጎ የሚቆርጥ የኤዲቲንግ ዘዴ አለ አይደል? ለወሬ ቪዲዮ ይጠቅማል። እንዲህ ላለ ትምህርት ከተጠቀምክበት ግን ፋታውን ሁሉ ጠርጎ ይወስደዋል።

ቆርጦ_ቀጥል (አዳማ)

እውነት ነው፣ እሱ አንድ ሰሞን አጋጥሞናል። ስድስት ደቂቃው ቪዲዮ ሁለት ደቂቃ ሆኖ ይወጣል። መምህር፣ ከቆረጥክ በኋላ ርዝመቱን ከስክሪፕቱ ጋር አመሳክር። በጣም ካጠረ ፋታው ተበልቷል ማለት ነው። ከሥር የሚሄድ ጫጫታ ካለ ደግሞ፣ መቁረጫው እንደ ዝምታ እስካልቆጠረው ድረስ፣ አይነካውም።

የማታ_መምህር (ሐዋሳ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሁለቱ ፋታዎች ልዩነት ነገሩን ፈታልኝ። ስለ ጽሑፉስ ምን ይላሉ? እኔ ከድምፁ ጋር እኩል ነው የማወጣው። በግዕዝ የመጻፉን ሐሳብም ብዙ ተማሪ ይጠይቀኛል።

የድሮ_ሬዲዮ

ጽሑፉ ይቆይ። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ያለ ጽሑፍ ይስማ፣ አንድ ጊዜም ይድገም። ከዚያ ጽሑፉ ይውጣ። ቀድሞ ከወጣ ዓይኑ ጆሮውን ይቀድመዋል። በውሃው ጥያቄ መጀመሪያ ላይ የማይነበብ ኤል አለ። ተማሪው ካየው ይለዋል፦ «ዉልድ»። በእውነተኛ ንግግር ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት ይዋሃዱና «ዉጁ» ይሆናሉ። ይህን ጽሑፍ አያሳይም፤ ጆሮ ብቻ ነው የሚይዘው።

ዓረፍተ ነገሩን ደግሞ ከጭራው ገንባው። ከፊት ሲጀመር ተማሪው እያጠረው ይሄድና መጨረሻው ላይ ይወድቃል። ከኋላ ሲጀመር ግን ሁልጊዜ ወደሚያውቀው ነገር ነው የሚሄደው፣ የዜማው አወራረድም አይበላሽም።

```
ድምፅ፦ water                       ፋታ 1.5
ድምፅ፦ some water                  ፋታ 2
ድምፅ፦ like some water             ፋታ 2.5
ድምፅ፦ Would you like some water?  ፋታ 3.5
ስክሪን፦ (እዚህ ጋ ብቻ ጽሑፉ ይወጣል)
```

የግዕዝ ንባብ ላይ አልስማማም። ምክንያቴን በሆቴል ቃል ላሳይ። «ሺት» ብለህ ብትጽፍ የአልጋ አንሶላውም ስድቡም አንድ ናቸው። እንግሊዝኛው በድምፁ ርዝመትና በአፍ አከፋፈት ይለያቸዋል፤ ፊደላችን አይለያቸውም። የክፍል ጽዳት ሠራተኛ ንጹሕ አንሶላ ላምጣ ልትል ፈልጋ እንግዳው ፊት ስታፍር ማየት አልፈልግም። ሦስት ቁጥርም ያው ነው። ምላስ በጥርስ መሃል ወጥቶ የሚባለው ድምፅ ፊደል ስለሌለን «ስሪ» ወይም «ትሪ» ተብሎ ይጻፋል፣ ተማሪውም እንደ ተጻፈው ይላል። ሳድሱም አያስተማምንም። «ስፑን» ተብሎ ሲጻፍ መጀመሪያው ፊደል አናባቢ አለው የለውም የሚለውን አንባቢው ነው የሚወስነው። ብዙዎቻችን አናባቢ ጣል እናደርግበታለን፣ ወይም «እስፑን» እንላለን።

ሻሸመኔ_መንገድ (ሐዋሳ)

እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው። ውይይታችሁን እየተከታተልኩ ነው። ጋሼ የሚሉት ሊገባኝ ይችላል ግን እኔ አምስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ የእንግሊዝኛ ፊደል ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ጽሑፉ ስክሪን ላይ ቢወጣ ሳልጨርሰው ይጠፋል። በግዕዝ ካልተጻፈልኝ ምን ይዤ እቀጥላለሁ? ደብተሬ ላይ በግዕዝ ነው የምይዘው። ፈረንጅ ተሳፋሪ ሲመጣልኝ «ዌር አር ዩ ጎይንግ» ብዬ በግዕዝ ከያዝኩት ነው የምጠይቀው፣ ይገባቸዋልም።

በነገራችን ላይ ስለ መንገድ የሚያስተምር አለህ? ወደ አሞራ ገደል የሚሄዱ ቱሪስቶች ብዙ ነገር ይጠይቁኛል።

የማታ_መምህር (ሐዋሳ)

ወንድሜ፣ ስለ መንገድም አዘጋጃለሁ፣ ይህ ሲያልቅ። ያነሳኸው ነገር ግን ቀላል አይደለም። ከተማሪዎቼም እንዳንተ ያሉ አሉ። ምናልባት የግዕዙ ንባብ በቪዲዮው ላይ ሳይወጣ ከቪዲዮው ሥር በመግለጫው ቦታ ቢቀመጥስ? የሚፈልግ ይገለብጠዋል፣ የሚሰማ ደግሞ ይሰማል።

የድሮ_ሬዲዮ

እንደዚያ ቢሆን ጉዳቱ ይቀንሳል። አሁንም ልቤ አይሞላም፤ ግን ለባጃጅ ነጂው ሌላ መልስ የለኝም።

ቁርስ_ከ12 (ሐዋሳ)

ሪሴፕሽን ላይ ነው የምሠራው። ስለ ፋታው ብዙ አልገባም። የሚቀጥሉት ቪዲዮዎች ላይ ሰዓት ካለ ግን እባክህ መምህር፣ ከሥር የምትጽፈውን አማርኛ አስብበት።

እኛ ቁርስ ከ12 እስከ 4 ሰዓት ነው እንላለን። እንግሊዝኛው ከስድስት እስከ አሥር ነው። ስክሪንህ ላይ ከላይ 6 እና 10፣ ከሥር 12 እና 4 ከጻፍክ ተማሪው ሁለት የተለያየ ነገር ያነባል። በአማርኛ ጠይቀህ በእንግሊዝኛ መልስ ስትለው ደግሞ «ከ12 እስከ 4» ሰምቶ «ፍሮም ትዌልቭ ቱ ፎር» ይላል። ይህ በየቀኑ ይደርሳል። አንድ ባልደረባዬ ለእንግዳ እራት አንድ ሰዓት ነው ብሎ በእንግሊዝኛ ቢነግረው እንግዳው በጠራራ ፀሐይ፣ በእኛ በሰባት ሰዓት፣ እራቴን ብሎ ከች አለ።

የማታ_መምህር (ሐዋሳ)

ይህን በጣም አመሰግናለሁ፤ ሦስተኛው ቪዲዮ የቁርስ ሰዓት ነው። ታዲያ በምን ልጠይቅ? ስድስት ቀንስ ወይም ስድስት ደምር ብዬ ባስተምር ጥሩ ነው?

ቁርስ_ከ12 (ሐዋሳ)

እንግዳ ፊት ቆመህ ሒሳብ አይሠራም። እኔ የለመድኩት በስልኬ ነው። የአብዛኞቻችን ስልክ የሚያሳየው የፈረንጁን ሰዓት ነው። እኛ እያየነው ወደ አማርኛ እንገለብጠዋለን። ለእንግዳ ሲሆን ሳትገለብጥ ያየኸውን ቁጥር እንዳለ አንብብ። ስለዚህ ቪዲዮው ላይ የአማርኛ ሰዓት አትጻፍ። የስልክ ስክሪን ሥዕል አውጣ፣ 6:00 እና 10:00 ብሎ። ጥያቄህም «እንግዳው የቁርስ ሰዓት ጠየቀዎት» ብቻ ይሁን። በቁጥር አትጠይቅ።

የድሮ_ሬዲዮ

ግሩም ነው። ለሌላውም ይሠራል። ማስታወሻ ፋታ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ቃል በቃል ተርጉሞ ከመጠየቅ ሁኔታውን መንገር ይሻላል። «እንግዳው ተቀመጠ፣ ብርጭቆው ባዶ ነው። ምን ይሉታል?» ተማሪው አማርኛውን መገልበጡን ይተውና ወደ ሥራው ይገባል።

ለአስተናጋጇ እህታችን ያልተመለሰላት ጥያቄ አለ። እህቴ፣ በልብ ማለት ከምንም ይሻላል ግን ከንፈር ይንቀሳቀስ። ያለ ድምፅ በሹክሹክታ በይው። «ዉጁ» የሚለውን አፍሽ ካልለመደው እንግዳ ፊት አይወጣም። የእንግዳው መልስ ይኑር ያልሽውም የግድ ነው።

ትሪ_ተሸካሚ (ሐዋሳ)

እሺ ጋሼ፣ በሹክሹክታ እሞክረዋለሁ። የእንግዳው ድምፅ ግን የመምህር አይሁን። እንግዶቻችን አንድ ዓይነት አይናገሩም። ቻይናውም ህንዱም ኬንያዊውም የራሱ አነጋገር አለው። ብዙ ጊዜ እንደ ቪዲዮ የሚናገር አይመጣልኝም።

ጉዱማሌ (ሐዋሳ)

አንድ ጥያቄ ልጨምር። እኔ ቤቴ ያደግኩት በሲዳምኛ ነው። ብዙ የሆቴል ልጆችም እንደኔ ናቸው። አማርኛ እንሰማለን፣ ማብራሪያው በአማርኛ መሆኑ አይከብደንም። ግን በፍጥነት ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ቀይር ስንባል ለኛ አንድ ተጨማሪ ደረጃ አለው። ሰባት ሰከንዱም ያጥረናል። በሥዕልና በሁኔታ ይጠየቅ የሚለውን የምደግፈው ለዚህም ነው። የሲዳምኛ ትርጉም ይጨመር ወይ?

ቆርጦ_ቀጥል (አዳማ)

ሦስት ቋንቋ በአንድ የስልክ ስክሪን ላይ አይነበብም። ፊደሉ ያንሳል፣ የታችኛው መስመር ደግሞ ከመተግበሪያው ቁልፎች ሥር ይገባል። ሁለት መስመር ከበቂ በላይ ነው። የተለየ ቪዲዮ ቢሆን ይሻላል፤ ሥዕሉ ያው ነው፣ ድምፁን ብቻ መቀየር ነው።

የማታ_መምህር (ሐዋሳ)

ለሲዳምኛው አንባቢ የሚሆን ሰው እፈልጋለሁ፤ ለጊዜው ግን ቃል አልገባም። እስካሁን ባላችሁት መሠረት የመጀመሪያውን ቪዲዮ መሃል እንዲህ ለውጬዋለሁ። የመገንቢያው ክፍል ካለቀ በኋላ ያለው ነው።

```
ሥዕል፦ እንግዳ፣ ባዶ ብርጭቆ። ጽሑፍ የለም።
ድምፅ፦ እንግዳው ተቀመጠ። ውሃ ያቅርቡለት። ይበሉ፦
ፋታ፦ 7 (የምግብ ቤት ጫጫታ)
ድምፅ + ስክሪን፦ Would you like some water?
ፋታ፦ 3.5 (መስመር ይጎድላል)
እንግዳ፦ Yes, please. Is it bottled?
ስክሪን፦ የታሸገ ነው?
ድምፅ፦ መልሱ አዎ ነው። ይበሉ፦
ፋታ፦ 5
ድምፅ + ስክሪን፦ Yes, it is.
ፋታ፦ 2
```

ቀጥሎ ሥዕሉ ሻይ ይሆናል፣ ከዚያ ቡና። ዓረፍተ ነገሩ ያው ሆኖ የመጨረሻው ቃል ብቻ ይቀየራል። «ይበሉ» የምትለዋ ቃል በሁሉም ቪዲዮ አንድ ናት፤ ስትሰማ የተማሪው ተራ ነው ማለት ነው።

የድሮ_ሬዲዮ

ጥሩ ሆኗል። አንድ ነገር ይቀረዋል። ሦስቱን ድግግሞሽ በተከታታይ አታድርጋቸው። ፖል ፒምስለር የሚባል አሜሪካዊ የቋንቋ ሰው እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ጽሑፍ አዲስ ቃል ከ5 ሰከንድ፣ ከ25 ሰከንድ፣ ከ2 ደቂቃ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ እያለ ርቀቱ እየሰፋ ቢጠየቅ እንደሚሻል ሐሳብ አቅርቧል። ቁጥሩን እንደ ሕግ አትያዘው። መርሑ ግን ይሠራል፦ ሊረሳ ሲል ጠይቀው። የውሃው ጥያቄ መጀመሪያ ደቂቃ ላይ ከተማረ፣ ሻዩ መሃል አንድ ጊዜ ድንገት ይመለስ፣ ቪዲዮው ሊያልቅ ሲል አንዴ ይምጣ፣ ሁለተኛው ቪዲዮ መክፈቻ ላይም ይጠየቅ። የ10 ደቂቃው ስድስት ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ አይገባምና እዚያ ነው ቦታው።

ቆርጦ_ቀጥል (አዳማ)

ሁለተኛውን ቪዲዮ ብቻ የከፈተ ሰው ያልተማረውን ሲጠየቅ አይሄድም?

የድሮ_ሬዲዮ

ሊሄድ ይችላል። ለዚያ ነው መልሱ ወዲያው ከጽሑፉ ጋር የሚወጣው። ያልተማረው እንደ አዲስ ይይዘዋል። ሁሉም ግን አይቆይልህም።

ትሪ_ተሸካሚ (ሐዋሳ)

መምህር ሁለተኛው ቪዲዮ ሂሳብ ይሁንልን። 13 እና 30፣ 15 እና 50 እየተምታታብኝ ነው። እንግዳው ጠረጴዛ አሥራ አምስት ነኝ ሲለኝ ሃምሳ የምሰማበት ጊዜ አለ።

የማታ_መምህር (ሐዋሳ)

እሺ እህቴ፣ ሂሳብ ይሆናል። በአሥራዎቹ ኃይሉ ወደ መጨረሻው ይሄዳል፣ በሠላሳና በሃምሳ መጀመሪያው ላይ ነው። ይህን መጀመሪያ በማዳመጥ ብቻ ነው የማደርገው፦ ድምፁ ይሰማል፣ ስክሪኑ ላይ 15 እና 50 ጎን ለጎን ይወጣሉ፣ ተማሪው በጣቱ ይጠቁማል። ጋሼ፣ ለመጠቆም ብቻ የሚሰጠው ፋታ ሁለት ሰከንድ ይበቃል?

የድሮ_ሬዲዮ

ለመጠቆም ይበቃል። ግን ቁጥሩን ደጋግመህ በባዶው አታንሳው፤ «ጠረጴዛ አሥራ አምስት» ብለህ በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገባው። ቁጥር ለብቻው ሲባልና ስም ሲከተለው ኃይሉ ሊዘዋወር ይችላል። አስተናጋጇ ደግሞ የምትሰማው በዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። እርግጠኛ ካልሆነች እንግዳውን መልሳ የምትጠይቅበትን አንድ ዓረፍተ ነገርም እዚያው ጨምርላት፤ «አንድ አምስት ነው ወይስ አምስት ዜሮ?» የሚለውን።